ጓንግዡ ላይ በአሊፔይ መክፈል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መጀመሪያ ገንዘብ መሙላት አለብኝ።»

የውጭ አገር ቪዛ ወይም ማስተርካርድ አሊፔይ ከተባለው የቻይና የስልክ መክፈያ መተግበሪያ ጋር ሲያያዝ የሚሞላ ሂሳብ የለም፤ እያንዳንዱ ክፍያ በቀጥታ ከካርዱ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ወሳኙ ነገር ባንኩ ካርዱን ለውጭ አገር የኢንተርኔት ክፍያ የፈቀደ መሆኑ ነው። ካርዱ ሲያያዝ ባንኩ ብዙውን ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ስለሚልክ፣ ሲም ካርዱን አገር ቤት ትቶ የሄደ ነጋዴ እዚህ ላይ ይቆማል። ካርዱን ከጉዞ በፊት ማያያዝ ይሻላል።

«ስካን ማድረግም ኮድ ማሳየትም ያው ነው።»

በሁለቱ መንገዶች የገንዘቡን መጠን የሚያስገባው ሰው ይለያያል። Scan የሚለውን ተጭነው በሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ኮድ ሲያነቡ፣ የሱቁን ስም አይተው መጠኑን የሚጽፉትም ሆነ የይለፍ ቃሉን የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት። Pay/Receive የሚለውን ሲከፍቱ ግን ሻጩ በማንበቢያው ከስልክዎ ላይ ያነባል፤ መጠኑም ከእሱ ዘንድ ይመጣል፣ አነስተኛ ሂሳብ ከሆነም የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ኮድ ፎቶ አንስቶ ለሌላ ሰው መላክ የተከፈተ ቦርሳ እንደ ማቀበል ነው። «ገንዘብ ልመልስልህ፣ የመክፈያ ኮድህን ላክልኝ» የሚል ሰው ቢያጋጥም አይታመን፤ ለመቀበል የሚያገለግለው ኮድ ሌላ ነውና። ኮዱ በየደቂቃው ገደማ የሚታደሰውም ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ነው።

«የተለጠፈ ኮድ ሁሉ በካርዴ ይከፈላል።»

የውጭ ካርድ የሚሠራው በነጋዴ ስም ለተመዘገበ ኮድ ነው፤ ለግለሰብ ገንዘብ ለማስተላለፍ አያገለግልም። የመንገድ ዳር ሻጭ የግል ኮዱን ለጥፎ ከሆነ፣ ካርዱ ገንዘብ ቢኖረውም ክፍያው ውድቅ ይሆናል። ከሱቅ ስም ይልቅ ለሰው የማስተላለፊያ ገጽ ከተከፈተ ምልክቱ ይህ ነው፤ የነጋዴ ኮድ መጠየቅ ወይም በጥሬ ዩዋን መክፈል ይገባል።

«ካርዴ ላይ ገንዘብ እስካለ ድረስ ገደብ የለም።»

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የአንድ ክፍያ ጣሪያ ከ1,000 ወደ 5,000 ዶላር፣ የዓመቱ ድምር ደግሞ ከ10,000 ወደ 50,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ይሁንና ፓስፖርቱን ያላስመዘገበ ሰው ገደቡ እጅግ ያነሰ ነው፤ የካርዱ ባንክ የራሱ ጣሪያ ካለውም የሚሠራው ዝቅተኛው ነው። በዚህ ምክንያት የፋብሪካ ቀብድ በአሊፔይ ለመክፈል ማሰብ ብዙም አያዋጣም።

ጣሪያው ውስጥ ያለ ክፍያም ቢሆን ወጪ ሊኖረው ይችላል። እስከ 200 ዩዋን ድረስ ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በጠቅላላው ሂሳብ ላይ 3 በመቶ ይታሰባል። ለናሙና ጫማ 450 ዩዋን በአንድ ጊዜ የከፈለ ሰው 13.50 ዩዋን ይጨምራል፤ ሻጩ ፈቅዶ በ150 ዩዋን ሦስት ጊዜ ቢያስከፍለው ግን ምንም አይጨምርም።