«ቀሚሷን አረንጓዴ አድርጋት»፦ በገና ባነር ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሱሉልታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ትንሽ የባነር ማተሚያ ቤት አለችኝ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ሥራ ይበዛል። ዳቦ ቤቱም፣ ቡቲኩም፣ የሕፃናት ልብስ መሸጫውም የገና ባነር ይፈልጋል። አብዛኛው ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ «ይቺን አድርግልኝ» ይላል። ስልኩ ላይ ያለው ምስል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው።

ከነዚህ ደንበኞች አንዷ የሰፈራችን ዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። እትዬ እንበላቸው፤ እኔም የምጠራቸው እንደዚያ ነው። አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ያሉኝን በራሳቸው አፍ አስቀምጬዋለሁ። ከሌላም ደንበኛ በየዓመቱ የምሰማው ይኸንኑ ነው።

«የካርቱን ልዕልት እኮ ናት። የማንም አርማ አይደለችም።»

ስልካቸው ላይ ያለችው ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች፣ ነጭ ረጅም ሹሩባዋን ትከሻዋ ላይ የጣለች፣ በረዶ የሚዘንብባት ልጅ ናት። አርማ ባትሆንም ሥዕል ናት፤ ሥዕል ደግሞ ባለቤት አለው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው። ለመጠበቅ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱ በመርሕ ደረጃ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ትልልቆቹ የካርቱን ኩባንያዎች ደግሞ የገጸ ባሕርያቸውን ስምና መልክ በንግድ ምልክትነት ጭምር ያስመዘግባሉ። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው ማለት ነው።

ሐሳቡ ግን አልተቆለፈም። የበረዶ ንግሥት ተረት ዴንማርክ ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። የፈለገ ሰው የራሱን የበረዶ ንግሥት መሳል ይችላል። ያቺ ሹሩባ፣ ያ ቀሚስ፣ እነዚያ ዓይኖች አንድ ላይ ሲመጡ ግን የአንድ ኩባንያ ሥዕል ናቸው።

ይህን ያወቅኩት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሕፃናት ልብስ ሱቅ ይቺኑ ልጅ ሠርቼ ነበር። ባለሱቁ ምስሉን ማኅበራዊ ገጹ ላይ ለጠፈው። ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ምስሉ ተነሣ፤ ገጹም ማስታወቂያ እንዳያወጣ ታገደ። ፖሊስ አልመጣም፣ ፍርድ ቤትም አልተሄደም። ግን እገዳው ሲነሣ ገና አልፏል። ሦስቱን ባነር በራሴ ኪሳራ መልሼ አተምኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ባለሱቁ ዲዛይነር አይደለም።

«እሺ ቀሚሷን አረንጓዴ አድርጋት። ሠላሳ በመቶ ከተቀየረ የራስ ይሆናል ይባላል።»

ይህን «ሠላሳ በመቶ» ማን እንደጀመረው እንጃ። አንዳንዱ ሃያ ይላል፣ አንዳንዱ አሥር። አዋጁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። እንዲያውም ሥራውን አሻሽሎና ለውጦ ማውጣት ራሱ ከባለቤቱ መብቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ቀለም መቀየር ከችግሩ አያወጣም፤ ያለ ፈቃድ ለወጠው የሚል ነገር ይጨምራል እንጂ።

ቁጥሩን ትቼ ሦስት ቀላል ሙከራ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ምስሉን ጥቁር እሞላዋለሁ፤ ጥላው ብቻ ይቀራል። ጥላውን አይቶ ሰው ስሟን ከጠራ፣ ቀሚሱ አረንጓዴም ሆነ ቢጫ ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው ሙከራ የድርጅቱን ስም በወረቀት ሸፍኖ ለማያውቀው ሰው ማሳየት ነው። እትዬ ፊት አረንጓዴዋን ልጅ በር ላይ ለተቀመጠው ሊስትሮ አሳየሁት። ብሩሹን ሳያስቀምጥ የካርቱኗን ስም ጠራ። «የምን ማስታወቂያ ይመስልሃል?» ስለው «የፊልም» አለኝ። እትዬን የረታኋቸው ያኔ ነው። ዳቦ የሚለው ነገር አፉ ላይ አልነበረማ! ገንዘቡን ከፍለው የሚያስተዋውቁት የሰው ፊልም ሊሆን ነበር።

ሦስተኛው የምስል ፍለጋ ነው። ምስሉን ጉግል ሌንስ ላይ ከትቶ የት የት እንዳለ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይቺ መንገድ ግን ገደብ አላት። ሰው በእጁ እንደገና የሳለውን ብዙ ጊዜ አታገኘውም። ስለዚህ ምንም አልመጣም ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከፎቶ መሸጫ ድረ ገጽ የሚወርድ ምስል ላይ ደግሞ «Editorial use only» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ለዜና እንጂ ለማስታወቂያ አልተፈቀደም ማለት ነው። ገንዘብ ከፍዬበታለሁ ብሎ መዝለል አያዋጣም።

«እንግዲያው የገና አባትም ቀይ ስለለበሰ የኮካ ኮላ ነው በለኛ!»

አይደለም። ቶማስ ናስት የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጢማሙን፣ ወፍራሙን ሽማግሌ እ.ኤ.አ. በ1881 ስሎት ነበር፤ ቀይ ልብሱም ከኮካ ኮላ በፊት የነበረ ነው። ኮካ ኮላ ሃደን ሰንድብሎም የተባለውን ሠዓሊ የቀጠረው በ1931 ነው። ስለዚህ ቀይ የለበሰ የገና አባት የሁሉም ነው። የሰንድብሎም ሥዕል ግን፣ በተለይ ጠርሙስ የያዘው፣ የሁሉም አይደለም። አጋዘኑም እንደዚያው ነው። አጋዘን የማንም አይደለም፤ አፍንጫው ቀይ የሆነው አጋዘን ግን በ1939 ለአንድ የአሜሪካ መደብር የገና ስጦታ ተብሎ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው።

ነጻ ነው ማለት ግን ለእትዬ ዳቦ ይስማማል ማለት አይደለም። ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል እንጂ በረዶ ተጋግሮ የሚንሸራተት ሽማግሌ አይተን አናውቅም። ከኛ ሰፈር እስከ እንጦጦ ቁልቁለት ድረስ ደግሞ በየሱቁ በር ያው ሽማግሌ ተሰቅሏል። የትኛው የማን እንደሆነ ማንም አያስታውስም።

«አይጡስ? ነጻ ወጣ ሲባል ልጄ ቲክቶክ ላይ አይታለች።»

ልጃቸው ግማሹን ልክ ናት። አሜሪካ ውስጥ ጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የጥበቃ ጊዜው ያለቀው የ1928ቱ ጥቁርና ነጭ ሚኪ ማውስ ነው። በኋላ ከመጡት መልኮች አብዛኞቹ ገና አልተለቀቁም። የንግድ ምልክቱም አለ። ዳቦ ለመሸጥ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው?

«በቃ ሥዕል አንነካም። ‹ዳቦ› የሚለውን ብቻ እንደዚያ ለስላሳ መጠጥ አጣጥፈህ ጻፍልኝ።»

ይህ ከልዕልቷ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ብዙ ሰው ቀልድ ስለሚመስለው። ቀይ ቀለም ለብቻው የማንም አይደለም። ተጠማዞ የሚወርድ የእጅ ጽሑፍም ለብቻው እንዲሁ ነው። ቀዩ፣ ነጩ ፊደል፣ ከሥሩ የሚሄደው ሪባን አንድ ላይ ሲመጡ ግን ፊደሉ አማርኛ ቢሆንም ዓይን የሚያነበው ሌላ ስም ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ቃሉን ብቻ አይጠብቅም። ሌላው የሚጠቀምበት ምልክት የተመዘገበውን መስሎ ሸማቹን የሚያሳስት ከሆነ ባለቤቱ ማስቆም ይችላል። ምዝገባው 7 ዓመት ይቆያል፤ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል፤ ስለዚህ አርጅቷል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ጥርጣሬ ሲኖር የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ምልክቱን ለማወቅ የሕግ ባለሙያ መሆን አይጠበቅም። ባነሩን ያየ ሰው «ከእነሱ ጋር ነው እንዴ የምትሠሩት?» ብሎ ከጠየቀ ነገሩ ተበላሽቷል። በስልክ ክፍያ እንቀበላለን ማለት ከተፈለገ ደግሞ የአገልግሎቱን ስም ከታች በተራ ጽሑፍ መጻፍ ይበቃል። አርማውን አጉልቶ ከዳቦው ጎን ማስቀመጥ ምን ይሠራል?

«ታዲያ ከባዶ ምን ይወጣል? ድምቀት አይኖረውም።»

ከባዶ አልጀመርንም። ወረቀት አወጣሁና ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል ገና የሚያመጣቸውን፣ የማንም ያልሆኑትን ጻፍን፦ ቄጤማ፣ ሻማ፣ ጥድ፣ የገና ዱላ፣ ሩር። በሌላው በኩል የእትዬን ብቻ፦ ቡናማና ክሬም ቀለም፣ ክብ ዳቦ፣ ላዩ ላይ መስቀለኛ ቁርጥ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ተጋጠመ። ሩር ክብ ነው። ዳቦውም ክብ ነው።

ሥዕሉ ይኸው ሆነ፦ ጫፉ የታጠፈ የገና ዱላ፣ ከፊቱ በሩር ፋንታ የሚበር ዳቦ። ጽሑፉን እትዬ ራሳቸው አመጡት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሕዝብ አባባል ነው። ከሱ ላይ «ወረፋው ቢረዝም አይቆጡም ጌታ!» አሉ። የገና ዋዜማ የዳቦ ወረፋ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

የመጀመሪያው ረቂቅ አልተሳካም። ዳቦው ትንሽ ስለነበር ኳስ መሰለ። አንዱ ደንበኛ «ስፖርት ቤት ተከፈተ?» አለኝ። ዳቦውን ከባነሩ ቁመት ግማሽ እስኪደርስ አሳደግኩት። መስቀለኛ ቁርጡን አጎላሁ። ከኋላው በአቧራ ፋንታ ዱቄት አስከተልኩ። ዱላውን አቀጠንኩ። ቀይ የሚባል ነገር አልገባም፤ ጀርባው ክሬም፣ ከታች ጠርዙ ላይ ብቻ አረንጓዴ ቄጤማ። ዱላውን ከሰው ፎቶ አልገለበጥኩም፤ ከሰፈር ልጆች ተውሼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነው የሳልኩት። የገና ጨዋታ የሁሉም ቢሆንም ጨዋታውን ያነሣው ፎቶግራፈር ፎቶ የሱ ነው።

ባነሩ 3 ሜትር በ2 ሜትር ነበር። በዚህ ልክ የስልክ ፎቶ ሲለጠጥ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ዳቦውን በቬክተር ሠራሁት፤ ምንም ያህል ቢሰፋ መስመሩ አይደበዝዝም። ረቂቆቹን ከእነ ቀናቸው በአንድ ፎልደር አስቀመጥኩ፤ የእርሳሱንም ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ጨመርኩበት። አንድ ቀን «ከኛ ገለበጥክ» የሚል ቢመጣ፣ ከየት ተነሥቼ የት እንደደረስኩ የማሳየው በሱ ነው።

ባነሩን ለመስቀል የሄድነው ታኅሣሥ 27 ጠዋት ነው። የስሙ ክፍል ለብቻው የታተመ ስለነበር ገና አልተሰቀለም። ያው ሊስትሮ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «የማን ይመስልሃል?» አልኩት።

«የእትዬ ዳቦ» አለ። ቀና ብሎ ዱላውን አየና ሳቀ።