«ቪፒኤኑ ነው የሚጥለኝ»፦ በኦንላይን ፈተና ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ ጀርመን አገር የማስተርስ ተማሪ ናት። አንዱን ኮርስ ከማደሪያ ክፍሏ ሆና በኦንላይን ልትፈተን ነበር። ፈተናው የሚከፈተው ግን በዩኒቨርሲቲው ቪፒኤን በኩል ለገባ ተማሪ ብቻ ነው። ለልምምድ በተሰጠው ፈተና ላይ ቪፒኤኑ እየተቋረጠ ስላስቸገራት፣ ኔትወርክ ላይ እንደምሠራ ታውቃለችና በቴሌግራም ደወለችልኝ። ዋናው ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት። በዚያ ሰሞን ያለችኝን ከብዙ ተማሪዎች አፍ ስለምሰማው፣ እሷ ባነሳችው ቅደም ተከተል እሄድበታለሁ።

«ጋሼ፣ የኔ ኢንተርኔት በጣም ፈጣን ነው። ችግሩ የዩኒቨርሲቲው ቪፒኤን ነው።»

የፍጥነት መለኪያውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ 90 ሜጋቢት ይላል። ይህ ቁጥር የሚናገረው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ዳታ እንደሚገባ ነው። መስመሩ በየመሃሉ ጸጥ ይል እንደሆነ አይነግርም። ቪዲዮ ስናይ ቀጣዩ ክፍል ቀድሞ ስለሚጫን የጥቂት ሰከንድ መቋረጥ አይታወቀንም። ቪፒኤን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። በላፕቶፑና በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር መካከል «አለህ?» «አለሁ» የሚል ምልልስ ሁልጊዜ ይካሄዳል፤ መልሱ ለተወሰነ ጊዜ ከጠፋ ግንኙነቱ እንደሞተ ተቆጥሮ ይዘጋል። ስለዚህ ዋይፋዩ ሲንገዳገድ መጀመሪያ የሚወድቀው ቪፒኤኑ ነው፤ ጥፋተኛ የሚመስለውም እሱ ነው።

ለመለየት ቪፒኤኑን ዘግታ እንድትሞክር ነገርኳት። በዊንዶውስ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍታ `ipconfig` ስትጽፍ፣ Default Gateway ከሚለው ፊት ለፊት የቅርቡ ራውተር አድራሻ ይወጣል። ከዚያ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍታ በአንዱ ራውተሩን፣ በሌላው ደግሞ ውጭ ያለ አድራሻ ፒንግ ታደርጋለች፤ ማለትም አጫጭር መልእክት እየላከች መልስ መምጣቱን ታያለች፦

```
ping -t 10.20.0.1
ping -t 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው አድራሻ የእሷ ራውተር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይተካል። `-t` እስክታስቆመው ድረስ ያለማቋረጥ እንዲልክ ያደርገዋል። ራውተሩ በትክክል እየመለሰ የውጭው ብቻ Request timed out የሚል ከሆነ ችግሩ ከሕንፃው ወጥቶ በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ቪፒኤኑ ብቻ ከወደቀ ያኔ ቪፒኤኑን መክሰስ ይቻላል። የእሷ ከሁለቱም የተለየ ነበር፤ እዚያው ኮሪደር ላይ ያለው ራውተር ራሱ በየመሃሉ መልስ ይነሣታል። ቪፒኤኑ ደግሞ ዝግ ነው። ስለዚህ መስመሩ የሚጠፋው በላፕቶፑና በዋይፋዩ መካከል ነው።

ቀጥላ ይህን ደጋግማ ጻፈች፦

```
netsh wlan show interfaces
```

BSSID የሚለው መስመር ላፕቶፑ በዚያች ቅጽበት ከየትኛው የዋይፋይ ማሰራጫ ጋር እንደተያያዘ ያሳያል። የእሷ ቁጥር አንዴ ይህ፣ አንዴ ያ ይሆናል። ክፍሏ ከሁለት ማሰራጫዎች እኩል ርቀት ላይ ስለሆነች ሁለቱም ደካማ ሆነው ይደርሷታል፤ ላፕቶፑም የተሻለውን ፍለጋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል። በዘለለ ቁጥር አፍታ ይቋረጣል። የዋይፋይ ስሙ አንድ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም። ይህ ብዙ ክፍል ባላቸው የተማሪ ማደሪያዎች የተለመደ ነው።

ጠረጴዛዋ ሥር ግድግዳው ላይ የኔትወርክ ሶኬት ነበራት፤ ከገባች ጀምሮ ነክታው አታውቅም። ላፕቶፗ የገመድ ቀዳዳ ስለሌለው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ማገናኛ ከገመድ ጋር ገዛች። ገመዱን ሰክታ፣ ዋይፋዩን ጨርሳ አጥፍታ ያንኑ ፒንግ ለረጅም ሰዓት ለቀቀችው። አንድም አልጠፋም። ዋይፋዩን ማጥፋቱን የሚረሱት ብዙ ናቸው፤ ገመዱ ትንሽ ሲላላ ላፕቶፑ ሹልክ ብሎ ወደ ዋይፋይ ይመለሳል።

«ነፃውን ቪፒኤንም ደርቤ ከፍቼዋለሁ፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ይይዘኛል።»

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ቤት ሲታገዱ፣ ቪፒኤንን ብዙዎቻችን የተዘጋ በር መክፈቻ አድርገን ተጠቀምንበት። እሷም ስልኳም ላፕቶፗም ላይ የጫነችውን ሳታጠፋ ነው ጀርመን የገባችው።

የዩኒቨርሲቲው ቪፒኤን ሥራ ሌላ ነው። ላፕቶፑን ግቢ ውስጥ እንዳለ ኮምፒውተር ያደርገዋል፤ ማለትም ከዩኒቨርሲቲው የራሱ አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። ፈተናው በሚሰጥበት የኦንላይን ትምህርት መድረክ፣ በሙድል፣ ላይ ፈተና የሚያዘጋጅ መምህር «ከእነዚህ አድራሻዎች ውጭ የመጣ አይግባ» ብሎ ማሰር ይችላል፤ ቪፒኤኑ የተፈለገውም ለዚህ ነበር። ነፃው ቪፒኤን የሚሰጠው አድራሻ የሌላ ኩባንያ፣ ምናልባትም የሌላ አገር ነው። ለፈተናው በር አይከፍትም፤ የዩኒቨርሲቲው ሲወድቅም ሊተካው አይችልም።

አለመጥቀሙ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ሁለቱም «መንገዱ በኔ በኩል ይሁን» ስለሚሉ የላፕቶፑን የጉዞ አቅጣጫ ይሻማሉ። በዚያ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ፓኬት፣ ማለትም ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ፣ ሁለት ጊዜ ይታሸጋል። በተለመደው ኔትወርክ አንድ ፓኬት ከ1500 ባይት መብለጥ የለበትም፤ ማሸጊያው ሲደራረብ ትልልቆቹ ከልክ አልፈው መንገድ ላይ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ምልክቱም ግራ የሚያጋባ ነው፤ ጥያቄው ይከፈታል፣ አጭር መልስ ይቀመጣል፣ በእጅ የተሠራ ስሌት ፎቶ አንስተው ሲልኩ ግን ክቡ እየዞረ ይቀራል። በልምምዱ ፈተና ላይ ልክ ይህ ነበር የገጠማት። ነፃውን ቪፒኤን ዘጋችው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣበትንም ቅንብር አጠፋች። ያ ፎቶ ያን ጊዜ ገባ።

«ሲቋረጥ የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል። ቶሎ ሪፍሬሽ ማድረግ አለብኝ።»

ከሁሉ ያሳሰበኝ ይቺ ነበረች፤ ሪፍሬሹ ራሱ ነው የሚያጠፋው።

ሙድል ተፈታኙ እየጻፈ ሳለ መልሱን በየጊዜው በራሱ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ቅንብሩ ካልተቀየረ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ወደ ቀጣዩ ገጽ ስታልፊም ያስቀምጣል። ስለዚህ ቪፒኤኑ ሲወድቅ ቀድሞ የተላከው ሰርቨሩ ላይ አለ፤ አደጋ ላይ ያለው ከመጨረሻው መላክ ወዲህ የተጻፈው ነው። እሱም ቢሆን ገጹ ክፍት እስከሆነ ድረስ ስክሪኑ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ገጹን ሪፍሬሽ ያደረገ ሰው ግን ገጹን ከማይደርስበት ሰርቨር እንደገና እየጠራ ነው፤ ያልተላከው መልስ አብሮ ይጠፋል።

ግንኙነቱ ሲጠፋ Network connection lost የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። እንዲህ ብዬ አስጻፍኳት፦ «ገጹን አትንኪው። መልስሽን ሙሉውን ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ ለጥፊ። ከዚያ ቪፒኤኑን መልሰሽ አገናኚ። ማስጠንቀቂያው በራሱ እስኪጠፋ ጠብቂ፤ ሲጠፋ መልሱ ገብቷል ማለት ነው። ወደ ሌላ ገጽ የምታልፊው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ቆጣሪው የሚሄደው በሰርቨሩ ነው፤ ተቋርጠሽም ይቆጥራል።

«በቃ፣ ሲቋረጥ የስልኬን ዳታ እከፍታለሁ።»

ይቻላል፤ ቀድሞ ከተሞከረ። ሆትስፖቱን በፈተናው መሃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው የይለፍ ቃል ሲፈልግ ደቂቃው ያልቃል። ከስልኩ ጋር በዩኤስቢ ገመድ መገናኘት ከዋይፋይ ሆትስፖት ይሻላል፤ ስልኩም ቻርጅ ያደርጋል። መስመሩን ከቀየሩ በኋላ የዩኒቨርሲቲውን ቪፒኤን እንደገና ማገናኘት ግድ ነው። አንዳንድ የሙድል ቅንብር አድራሻው በመሃል የተለወጠን ተጠቃሚ ከአካውንቱ ስለሚያስወጣ፣ የይለፍ ቃሉ በእጅ መሆን አለበት።

«ውጤቱ ካነሰ ያኔ ኢሜይል እጽፍላቸዋለሁ።»

ጀርመን አገር ይህ አያዋጣም። በፈተና ሂደት ላይ የገጠመን እንቅፋት ተፈታኙ ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ውጤት አይቶ የሚነሣ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ እንደዘገየ ይቆጠራል። ምክንያቱ አይከፋም፤ ውጤቱ ጥሩ ሲሆን ዝም፣ ሲበላሽ ደግሞ «ተቋርጦብኝ ነበር» ማለት ሌሎቹን ተማሪዎች ይጎዳል። ስለዚህ የፈተናውን መመሪያ አብረን አነበብነው። ለቴክኒክ ችግር የሚደወልበት ቁጥር ታች ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀት ላይ ገልብጣ ከላፕቶፑ አጠገብ ለጠፈችው።

በፈተናው ቀን ቪፒኤኑ አንዴ ወደቀ። መልሷን ኮፒ አድርጋ ለጠፈች። ፈተናው መጽሐፍ ገልጦ የሚሠራ፣ ሌላ መስኮት መክፈት ያልተከለከለበት ስለነበር ፒንጉን አየችው፤ ራውተሩም የውጭው አድራሻም ያለ ጉድለት ይመልሳሉ። በዚህኛው ጊዜ ጉዳዩ በእርግጥ የቪፒኤኑ ነበር። ሰዓቱ የሚታይበትን የስክሪን ፎቶ አንስታ ወዲያው ደወለች። የሌሎች ተማሪዎችም ስልክ እየገባ እንደሆነ ነገሯት። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቪፒኤኑ ተመለሰ፣ ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ እሷም ካቆመችበት ቀጠለች። በሙድል ፈተናው ክፍት እያለም ለአንድ ተማሪ ለብቻው ሰዓት መጨመር ይቻላል፤ የጠፋባትን ያህል ደቂቃ ጨመሩላት።