ደብዛዛ የስልክ ፎቶ ላይ ያለን የታተመ ጽሑፍ ወደ ዐረብኛ ከመተርጎም በፊት ማንበብ

ለትርጉም የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ራሱ ሳይሆን በስልክ የተነሳ ፎቶው ነው። ፎቶው ጨለማ ወይም ደብዛዛ ከሆነ ሥራው በሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ የሚነበበው ሁሉ እንዳለ በአማርኛ ይገለበጣል፤ ዐረብኛው የሚጀመረው ግልባጩ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሠራ ተርጓሚ ያልታየውን ቃል ለዐረፍተ ነገሩ በሚመች ቃል ሳያውቀው ይሞላዋል። በዐረብኛው ላይ ደግሞ ግምቱ ከእርግጠኛው ቃል አይለይም።

ፎቶው ለምን እንደደበዘዘ ማወቅ የትኛው ፊደል እንደሚያሳስት ይጠቁማል። ትኩረቱ ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ የተነሳ ፎቶ ፊደሎቹን በሁሉም አቅጣጫ ያወፍራል፤ ትንንሽ ቀለበቶች ይደፈናሉ። እጅ ሲንቀጠቀጥ የተነሳ ግን መስመሮቹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጎትታል። ስልኩ ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ቋሚ እግሮች ድርብ ሆነው ይታያሉ፣ አግዳሚዎቹ ግን ብዙም አይጎዱም። በትንሽ ብርሃን የሚነሳ ፎቶ ሁለት ችግር አለበት፦ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚከፈት የእጅ እንቅስቃሴ ይመዘገብበታል፤ በምስሉ ላይ የሚፈጠረውን ብናኝ ስልኩ ራሱ ለማጽዳት ሲሞክር ደግሞ ቀጫጭን ጭረቶችን አብሮ ይጠርጋል።

ከመታገል በፊት የተሻለ ፎቶ መጠየቅ ይቀድማል። በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ፣ ያው ፎቶ እንደ ፋይል ወይም ዶክመንት ሲላክ ብቻ የሚነበብበት ጊዜ ብዙ ነው። እንደገና ማንሳት ከተቻለ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ብርሃን ከጎን ይግባለት፤ ፍላሽ ይጥፋ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነጭ ጥፍጥፍ ይተዋልና። ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ክርን ይደገፍ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ተነክቶ ትኩረቱ ከተስተካከለ በኋላ ይነሳ። አንድ ገጽ በሁለት ወይም በሦስት ቁራጭ ቢነሳ ይሻላል።

ሌላ ፎቶ ከሌለ በቅጂው ላይ ይሠራል፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጣል። ምስሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጥ፣ የጨለማው ክፍል ቀስ በቀስ ይብራ፣ ከዚያ የጽሑፉና የወረቀቱ ልዩነት ይጨመር። ምስሉን በጣም ማጥራት አደጋ አለው፤ በፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ ይሠራና የሌለ ጭረት ያለ ያስመስላል። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ ደብዛዛ ጽሑፍ ከሚገባው በላይ ሲያጎሉት ይብስበታል። ትንሽ አሳንሶ ወይም ከስክሪኑ ራቅ ብሎ ማየት የቃሉን ቅርጽ ይመልሳል።

የአማርኛ ፊደል ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፋው አናባቢውን የሚለየው ጭረት ነው። የሣልሱ ቢ እግር ላይ ያለው ጭረትና የኃምሱ ቤ ቀለበት አንድ ይሆናሉ። ብ እና በ የሚለዩት በጎን ባለች ትንሽ ጭረት ብቻ ነው። ከላይ ያለው ሰረዝ ሲጠፋም ቸ ተ፣ ሸ ሰ፣ ኘ ነ፣ ጀ ደ ይመስላሉ። እነዚህን ለመለየት የሚረዳው ከዚያው ገጽ ላይ በደንብ የሚታይ ተመሳሳይ ፊደል ፈልጎ ከሚጠረጠረው ጎን ማስቀመጥ ነው፤ ያው ማተሚያ፣ ያው መጠን፣ ያው ብርሃን ስለሆነ ንጽጽሩ ይታመናል።

ሰዋስው የሚያድነው ቃልና የማያድነው ቃል አለ። ከአንድ የመድኃኒት መመሪያ የተወሰደ ጨለማ ፎቶ እንበል፣ መስመሩም «ከምግብ በ□□ 5 ሚ.ሊ. በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን ይወሰዳል፤ ለሕፃናት □ይሰጥም» ይላል። በመጨረሻው ቃል የጠፋው ፊደል ጥላ ውስጥ ቢገባም አ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ዐረፍተ ነገሩ በዚህ ቃል ስለሚዘጋ መጨረሻ ላይ ያለው ም ያለ አ ሊቆም አይችልምና። «እንዲሰጥ» ወይስ «እንዳይሰጥ» የሚለው ጥርጣሬም ቢነሳ ፊደል መቁጠር ይፈታዋል። የመጀመሪያው አምስት፣ ሁለተኛው ስድስት ፊደል ስለሆነ የቃሉ ስፋት ይለያያል።

«ከምግብ በ□□» ግን ሌላ ነገር ነው። «በፊት» እና «በኋላ» ሁለቱም ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው፣ ሁለቱም ሰዋስዉን ያሟላሉ፣ ሁለቱም ለመድኃኒት መመሪያ ይስማማሉ። የሚቀረው ቅርጹ ብቻ ነው፦ ት አንድ እግር አለው፣ ላ ሁለት። ገጹ ላይ «ሰዓት» ወይም «ሌላ» የሚል የሚነበብ ቃል ካለ የመጨረሻ ፊደሉ ይነጻጸር። እግሮቹ ተቀላቅለው አንድ ጥቁር ነጥብ ከሆኑ ቃሉ አልተነበበም፤ ብዙ መድኃኒት ከምግብ በኋላ ይወሰዳል ብሎ መሙላት አይገባም።

አኃዙም እንዲሁ ነው። 5 የተባለው 8 ሊሆን ይችላል ብለን ብንጠረጥር ስሌት ይረዳል። 5 ሚ.ሊ. በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን 105 ሚ.ሊ. ይሆናል፤ 8 ቢሆን 168። ካርቶኑ ላይ 120 ሚ.ሊ. ተብሎ በግልጽ ከተነበበ 5 ይበልጥ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁለት ጠርሙስ የታዘዘ ሊሆን ስለሚችል ስሌቱ ማረጋገጫ አይሆንም። የመጠን አኃዝ ያጠራጠረ ከሆነ ጥርጣሬው በትርጉሙ ላይ መጻፍ አለበት።

ያልተነበበው በዐረብኛው ውስጥ በቅንፍ፣ በራሱ ቦታ ላይ ይጻፋል። ባዶ መተው ወይም ሦስት ነጥብ ማድረግ አይበቃም፤ ሦስት ነጥብ ተርጓሚው ቆርጦ የተወው ወይም ዋናው ላይ ያለ ያስመስላል። ከታች የመጀመሪያው ፈጽሞ ላልተነበበ፣ ሁለተኛው ሁለት ንባብ ለሚቻልበት፣ ሦስተኛው ላጠራጠረ አኃዝ ያገለግላል፦

```
[غير مقروء]
[قبل الطعام أو بعده: غير واضح في الأصل]
[الرقم غير واضح: 5 أو 8] مل
```

በአኃዙ ላይ ቃል መጻፉ ምክንያት አለው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጻፍ ቁጥር ግን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ፣ በቁጥር መሐል የገባ የጥያቄ ምልክት ወይም ክፍት ቅንፍ ስክሪን ላይ ቦታውን ሊለቅ ይችላል። በጭረት የተለየ ቀንም አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ወሩን በስሙ መጻፍ ይህን ያስቀራል። የዐረብ ምሥራቅ አኃዞች ከተመረጡም ዜሮ ነጥብ ብቻ መሆኑ ይታሰብ፤ ትርጉሙ በተራው ፎቶ ተነስቶ ቢላክ ነጥቧ የመጥፋት ዕድል አላት።

የሰው ስም ላይ ነገሩ ትንሽ ይቀላል። ዐረብኛ አጫጭር አናባቢዎችን በተለመደው ጽሑፍ ስለማይጽፍ፣ ፊደሉ በ ይሁን ብ ተብሎ የሚነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነካውም። ተነባቢው ራሱ ከጠፋ ግን ስሙ ከባለቤቱ ወይም ከመታወቂያው ይጠየቃል እንጂ ተዘውታሪ የሆነ ስም አይተካበትም።

ሥራው ሲጠናቀቅ በትርጉሙ መጨረሻ ላይ በዐረብኛ አጭር ማስታወሻ ይገባል፦ ትርጉሙ ከፎቶ መሠራቱ፣ የፋይሉ ስም፣ ስንት ቦታ እንዳልተነበበና በየትኛው መስመር። ደንበኛው ወረቀቱን በእጁ ይዞ ስለሚሆን የመስመር ቁጥሩ ካለለት ሁሉንም ሳያነብ የጎደሉትን ቃላት ብቻ ፈልጎ መላክ ይችላል፤ ተርጓሚውም ቅንፎቹን እየፈታ ይተካቸዋል።