የፊልም የግርጌ ጽሑፍ ለሁለት ቢከፈልም ለምን ይረዝማል?

«መስመሩን ለሁለት ከፈልኩት፤ ፕሮግራሙ አሁንም ረጅም ነው ይለኛል» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሟል። መክፈል የሚፈታው የመስመርን ርዝመት ብቻ ነው። የንባብ ፍጥነት የሚለካው ጠቅላላው ፊደል ጽሑፉ በሚታይበት ሰከንድ ተካፍሎ ነው።

ወሰኑ በሰከንድ 15 ፊደል ነው እንበል። ለ2 ሰከንድ የሚታይ ጽሑፍ ክፍተቱና አራት ነጥቡ ተቆጥረው ከ30 ማለፍ የለበትም። አንድ ምስክር እንዲህ ይላል፦

«እኔ እንደሚመስለኝ እሱ ትናንት ማታ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።»

ይህ 41 ነው። ብዙዎች «እንደሚመስለኝ»ን ይሰርዛሉ፤ ያኔ ጥርጣሬው እርግጠኛ ምስክርነት ይሆናል! ይልቅ፦

«ትናንት ማታ እዚያ ቤት የነበረ አይመስለኝም።»

28 ሆነ፤ ጥርጣሬውም አልጠፋም። «እኔ»ም «እሱ»ም በግሱ ውስጥ ስላሉ አይጎድሉም። የወሰኑ ቁጥር ግን እንደ አሠሪው ይለያያል፤ ከመጀመራችሁ በፊት መመሪያውን ጠይቁ።