የኦዲት ግኝቶች ማጠቃለያ ምንድን ነው? ክብደት፣ የማኔጅመንት ምላሽና ቀነ ገደብ

የውጭ ኦዲተር ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ነገር አስረክቦ ይሄዳል። አንዱ በሒሳብ መግለጫው ላይ የሚሰጠው አስተያየት ነው። ሌላው «ማኔጅመንት ሌተር» የሚባለው፣ በሥራው መሃል ያገኛቸውን የውስጥ ቁጥጥር ክፍተቶች የዘረዘረበት ደብዳቤ ነው። የግኝቶች ማጠቃለያ የሚወጣው ከዚህ ከሁለተኛው ሲሆን፣ ረጅሙን ደብዳቤ ለቦርድ ወይም ለኦዲት ኮሚቴ በሁለት ሦስት ገጽ ያቀርባል፦ ምን ተገኘ፣ ምን ያህል ከባድ ነው፣ ማኔጅመንቱ ምን አለ፣ ማን እስከ መቼ ያስተካክለዋል።

«ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት አግኝተናል» ተብሎ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። አስተያየቱ የሚናገረው ግን የዓመቱ ሒሳብ በጉልህ ስህተት እንዳልተዛባ ብቻ ነው። ገንዘቡን የሚጠብቀው አሠራር ደህና ነው ማለት አይደለም። ንጹህ አስተያየት ያገኘ ድርጅት ከባድ ግኝት ሊኖርበት ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30/2017 የተዘጋ፣ ኦዲተሩ ጥቅምት 2018 ላይ ደብዳቤውን የላከለት አንድ የንግድ ድርጅት አለ እንበል። ከግኝቶቹ ሦስቱን እንውሰድ። የመጀመሪያው፣ ከአምስት የባንክ ሒሳቦች የሦስቱ ማስታረቂያ፣ ማለትም መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር የማመሳከር ሥራ፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ አልተሠራም፤ መዝገቡም ከባንኩ መግለጫ በ412,600 ብር ይበልጣል። ሁለተኛው፣ በድምሩ 1.8 ሚሊዮን ብር የሚያወጡ 37 ቋሚ ንብረቶች መለያ ቁጥር አልተለጠፈባቸውም። ሦስተኛው፣ በናሙና ከታዩ 60 የፔቲ ካሽ ቫውቸሮች 12ቱ ላይ «ተከፍሏል» የሚል ማኅተም የለም።

በብሩ መጠን ብቻ ከሄድን ንብረቱ አንደኛ ይወጣ ነበር። ግን 37ቱም ዕቃዎች በቆጠራ ጊዜ በቦታቸው ተገኝተዋል፤ የጎደለው ቁጥሩ ነው። ስለዚህ መካከለኛ ነው። የባንኩ ጉዳይ ይለያል። መዝገቡ አለ የሚለው ገንዘብ ባንክ ውስጥ የለም። ምናልባት ያልተመዘገበ የባንክ ክፍያ ይሆናል፤ ምናልባትም ተሰብስቦ ገቢ ያልተደረገ ጥሬ ገንዘብ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ማስታረቂያው ነበር፤ እሱ ደግሞ አልተሠራም። በዚያ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበለውም በመዝገብ የሚያሰፍረውም አንድ ሰው ከሆነ፣ ግኝቱ ያለ ክርክር ከፍተኛ ነው። የክብደት ጥያቄ «ስንት ብር ጎደለ?» ብቻ ሳይሆን «ነገ ሌላ ቢጎድል ማን ያውቃል?» የሚል ነው። ካለፈው ዓመት የተደገመ ግኝትም መጠኑ ትንሽ ቢሆን አንድ ደረጃ ከፍ ቢል ተገቢ ነው፤ ማኔጅመንቱ አንድ ጊዜ ቃል ገብቶ አልፈጸመምና።

ደረጃውን ማን ይሰጣል? ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ ቁጥር 265 ኦዲተሩ ጉልህ የቁጥጥር ክፍተቶችን በጽሑፍ ለበላይ አካሉ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ የሚል እርከን ግን አላወጣም። እርከኑ የየኦዲት ድርጅቱ ልማድ ነው። ኦዲተሩ ደረጃ ከሰጠ፣ ማጠቃለያውን የሚያዘጋጀው ሰው አንዱንም አይነካም፤ ማኔጅመንቱ ካልተስማማ ተቃውሞውን በምላሹ ዓምድ ይጽፋል። ኦዲተሩ ካልሰጠ ደግሞ «ደረጃው በፋይናንስ ክፍሉ የተሰጠ ነው» የሚል አንድ መስመር ከሠንጠረዡ ሥር መኖር አለበት። የግኝቶቹ የደብዳቤ ቁጥርም እንዳለ ይቀመጥ። ሁለት ግኝት ተዋህዶ አንድ ሲሆን ድምሩ ከደብዳቤው ጋር አይገጥምም፤ ከቦርድ አባላት አንዱ ደብዳቤውን ይዞ ከመጣ ስብሰባው እዚያው ላይ ይቆማል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ «ከ60 ናሙና 12» የሚለውን «20 በመቶው ቫውቸር» ብላችሁ አታሳጥሩት። ናሙናው በኦዲተሩ ግምት የተመረጠ ከሆነ ስለ ቀሪው ቫውቸር ምንም መቶኛ አይናገርም።

አብዛኛው ማጠቃለያ የሚበላሸው ግን ምላሹ ላይ ነው። «አስተያየቱን ተቀብለናል፤ ወደፊት ይስተካከላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም ግኝት ይሆናል፤ ለዚህም ነው ለአንዱም የማይሆነው። ከዚህ የሚሻል የሚመስለው «የአራቱ ወር ማስታረቂያ ተሠርቷል» የሚለውም ያሳስታል፤ ውዝፉን እንጂ ምክንያቱን አያነሳም። ማስታረቂያ የሚሠራው ሠራተኛ የካቲት ላይ ለቅቆ ምትክ ካልተቀጠረ፣ ከሐምሌ ወዲህ ያለውም እንደዚያው ተከማችቷል። ኦዲተሩ ሰኔ 30 ላይ ቢቆምም ችግሩ እዚያ አልቆመም። ስለዚህ ለአንድ ግኝት ሁለት እርምጃና ሁለት ቀን ያስፈልጋል። የሠንጠረዡ አንድ ረድፍ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ግኝት 1 (ከፍተኛ)። በሦስት ሒሳቦች የአራት ወር የባንክ ማስታረቂያ አልተሠራም፤ 412,600 ብር ያልተብራራ ልዩነት አለ።
ምላሽ፦ ተስማምተናል። ምክንያቱ የለቀቀ ሠራተኛ አለመተካቱ ነው።
እርምጃ ሀ፦ ከመጋቢት 2017 እስከ ጥቅምት 2018 ያለው ማስታረቂያ ተጠናቅቆ የልዩነቱ ዝርዝር ይቀርባል፤ ሲኒየር አካውንታንት፣ እስከ ኅዳር 30/2018።
እርምጃ ለ፦ የለቀቀው ሠራተኛ ተተክቶ ገንዘብ የመቀበልና የመመዝገብ ሥራ ለሁለት ሰው ይከፈላል፤ ፋይናንስ ኃላፊ፣ እስከ ታኅሣሥ 15/2018።
መዝጊያ ማስረጃ፦ የታኅሣሥና የጥር ማስታረቂያ፣ ወሩ ካለቀ በ10 ቀን ውስጥ የተሠራ፣ በአዘጋጁና በመርማሪው የተፈረመ። ማረጋገጫ ቀን የካቲት 15/2018።

ማረጋገጫው ለምን ወደ የካቲት ራቀ? ክፍፍሉ ከተደረገ በኋላ ሁለት ወር ሠርቶ ካልታየ፣ ወረቀት ላይ ብቻ መኖሩን ማወቅ አይቻልም። ቀኑንም የሚቆርጠው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው። ከበላይ የተጻፈለት ቀን ሲያልፍ «ማን ጠየቀኝ?» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ማኔጅመንቱ በከፊል ከተስማማ ወይም ካልተስማማ፣ ምክንያቱ እንዳለ ይጻፍና የኦዲተሩ መልስ ከሥሩ ይቀመጥ። ልዩነቱን ማለዘብ የማጠቃለያው አዘጋጅ ሥራ አይደለም፤ ለመፍረድ ቦርዱ አለ።

የቀን አጻጻፍ ደግሞ በእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ 30/06/2026 ካለ ጁን 30 ማለት ነው፤ በእኛ ሰኔ 23/2018። ጁንን በቃሉ ብቻ «ሰኔ 30» ብሎ የተረጎመ ሰባት ቀን ጨመረ። ዓመቱን ብቻ ለውጦ 30/06/2018 ያለው ደግሞ ይብሳል፤ ስድስተኛው ወር የካቲት ስለሆነ ቀነ ገደቡን ወደ አራት ወር ገደማ ወደ ኋላ ጎተተው። ወሩን በስሙ መጻፍ፣ ኦዲተሩ በፈረንጅ ከጻፈም ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስፈር ነው። «በሂደት ላይ» እና «በሚቀጥለው በጀት ዓመት» ቀን አይደሉም።

ቀነ ገደብ ሲራዘም የመጀመሪያው ቀን አይሰረዝም። አዲሱ ቀን ከምክንያቱ ጋር በሌላ ዓምድ ይገባል። ከተሰረዘ፣ ሦስት ጊዜ የተገፋው ግኝት በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት «በጊዜው እየሄደ ያለ» መስሎ ይቀርባል።