የክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ሬንደር በደሴ

የክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ሬንደር፣ ክፍሉ ከመሠራቱ በፊት ወንበሩን፣ መስኮቱንና ብርሃኑን አስቀድሞ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሥዕል ነው። ቀደም ሲል ሥራው በእርሳስና በቀለም ይሠራ ነበር።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። እዚህ ዋናው ጥያቄ መስኮቱ መኖሩ ሳይሆን ተከፍቶ መዋሉ ነው። አግዳሚው ከመስኮት ሥር ከተቀመጠ፣ ማጅራቱን ብርድ የመታው ታካሚ ተነሥቶ ይዘጋዋል፤ ሳል ያለበትም የሌለበትም አንድ አየር ይተነፍሳሉ። ስለዚህ አየሩን የሚወስነው የወንበሩ ቦታ ነው።

9 በ6 ሜትር የሆነ፣ 24 ሰው የሚይዝ ክፍል እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ለተመላላሽ ታካሚ በሰው 60 ሊትር አየር በሰከንድ ይመክራል፤ ለ24 ሰው 1,440 ሊትር ይሆናል። የመመሪያውን ቀመር ይዘን ነፋሱን በሰከንድ 1 ሜትር ብንወስድ፣ በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ላይ በእያንዳንዳቸው 2.2 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ተንሸራታች መስኮት ግማሹ ብቻ ስለሚከፈት መጠኑ እጥፍ መሆን አለበት። ብዙ ሬንደሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መስተዋቱን ሁሉ እንደ ክፍት ይቆጥሩታል።

መስኮቱ ከወለል 1.2 ሜትር ላይ ጀምሮ 2.1 ላይ ቢያበቃ፣ ነፋሱ ከተቀመጠው ሰው ራስ በላይ ያልፋል። ባለ 3 ሜትር አራት አግዳሚዎች ጀርባ ለጀርባ በክፍሉ መካከል፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይደረደራሉ። በሁለቱ ጥንዶች መካከል ለተሽከርካሪ ወንበር 1.2 ሜትር ይተዋል፤ የካርድ መስኮቱ በአጭሩ ግድግዳ ላይ ይሆናል። መደገፊያቸው ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከፍ ካለ ነፋሱን ይገታል።

ብርሃኑ የሚታመነው ፕሮግራሙ የደሴን ቦታ፣ በሰሜን 11.1 ዲግሪ፣ ሲይዝ ነው። ታኅሣሥ 12 እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለምትል፣ በደቡቡ መስኮት የምትገባው ጨረር ከግድግዳው ከ1 ሜትር ተኩል አትርቅም፤ አግዳሚዎቹ ጋ አትደርስም። ሰኔ አጋማሽ ላይ ግን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል በደቡቡ መስኮት አትገባም። በደቡቡ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ የሰኔ ፀሐይ ከታየች ቦታው አልተስተካከለም ማለት ነው። ሰዓቱም ያሳስታል፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፕሮግራሙ 9:00 ነው፤ 3:00 ተብሎ ከተጻፈ ሌሊት ይሆናል።

ሌላው ጦሳ ነው። ተራራችን ከተማዋን ከምዕራብ ስለሚጋርዳት ፀሐይ ከሜዳማ አገር ቀድማ ትሰወራለች፤ ተራራው በሞዴሉ ካልገባ ሬንደሩ በእውነት የሌለ የከሰዓት ብርሃን ያሳያል። ጦሳ ነፋሱን ምን ያህል እንደሚለውጥ ባለሙያዎች በየቦታው ቢለኩት ይሻላል፤ የጥላው ነገር ግን በየቀኑ የሚታይ ነው።