ቴሌፕሮምፕተር ላይ የሚወጣ ጽሑፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፊደሉን ባተለቅኩት ቁጥር ለአንባቢው ይቀለዋል።»

እስከ ልኩ ድረስ ነው። ቴሌፕሮምፕተር አንባቢው ካሜራውን እያየ ጽሑፉን የሚያነብበት መሣሪያ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ እኛ የምንሠራበት ዕቃ ቀላል ነው። አናጺ የሠራው ሳጥን፣ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት፣ ከሥሩ ባለ 10 ኢንች ታብሌት። ካሜራው ከመስታወቱ ጀርባ ይቆማል። ታብሌቱ ሲጋደም የስክሪኑ ወርድ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንባቢው 2 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። የፊደሉ ቁመት 1.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን በአንድ መስመር 15 ፊደል ያህል ይገባል። ይኼ ሦስት፣ ግፋ ቢል አራት የአማርኛ ቃል ነው። ለእኛ በደንብ ይበቃል።

ይህንን እጥፍ ብታደርጉት በመስመር አንድ ቃል ብቻ ይቀራል። አማርኛ ደግሞ አንድ ቃል ላይ ብዙ ነገር ይጭናል። «ስላልተመለሱላቸው» ብቻውን 10 ፊደል ነው። አንባቢው ቀጥሎ የሚመጣው አይታየውም። ስለዚህ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቃል በቃል ይቆጥራል። ስትሰሙት ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ቃል እኩል ይጮኻል።

ፊደሉን ስታሳንሱት ደግሞ መስመሩ ይረዝማል። ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ተመልካች ያየዋል። አንባቢው ወደ ካሜራው ሲጠጋም ያው ነው። 1 ሜትር ላይ ሲቀመጥ ያው መስመር ለዓይኑ እጥፍ ይሰፋበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራውን ወደኋላ አርቁና በዙም አቅርቡት። የፊደሉ መጠን ከዚያ በኋላ ይወሰናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለማጉላት ብላችሁ ፊደሉን ቦልድ አታድርጉት። የ«ሌ» ቀለበት ይደፈንና ከሩቅ «ሊ» ይመስላል። የ«ቤ» እና የ«ቢ» ነገርም እንደዚያው ነው።

«መስመሩ ሲሞላ መሣሪያው ራሱ ወደ ታች ያወርደዋል፤ እኔ ምን ልድከም?»

ዋናው ድካም እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው ስፋት ብቻ ነው፤ ሐሳብ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ስለ መንዝ ጓሳ ለሠራነው አጭር ቪዲዮ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። መሣሪያው በ15 ፊደል ልክ ሲቆርጠው እንዲህ ሆኖ ነበር፦

በመንዝ ጓሳ የሚኖረው
ጭላዳ ዋና ምግቡ ሳር
ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቁጭ
ብሎ ሲግጥ ይውላል፤
ሳሩን ግን ሰው
በፈለገበት ጊዜ ማጨድ
አይፈቀድለትም።

ሦስተኛው መስመር ላይ «ቁጭ» አለና ቆመ። «ብሎ» የሚለው ታች ቀርቷል። አንባቢዋ እዚያ ጋ ትንፋሽ ወሰደች። የባሰው መጨረሻው ላይ መጣ። «ሰው በፈለገበት ጊዜ ማጨድ» የሚለውን በደስታ ድምፅ፣ የሚፈቀድ መስሏት አነበበችው። ከዚያ ብቻውን የቀረው «አይፈቀድለትም» ከታች ብቅ አለ። ድምፅዋ መንገድ ላይ ተሰበረ።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አዎንታውም አሉታውም እዚያ ነው ያለው። ለወረቀት ችግር የለውም፤ ዓይን ገጹን ቀድሞ ይቃኛል። ቴሌፕሮምፕተር ላይ ግን የሚታየው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ግሡን ከሚገዛው ሐሳብ ጋር በአንድ መስመር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩ ለዚያ አልመች ካለ ይቆረጣል። የጓሳውን እንዲህ አስተካከልነው፦

በመንዝ ጓሳ
የሚኖረው ጭላዳ
ዋና ምግቡ ሳር ነው
ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ
ሲግጥ ይውላል
ሰው ግን ሳሩን
ባሻው ጊዜ አያጭድም

አንዱ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሦስት ሆነ። «የሚኖረው» ከ«ጭላዳ» አልተለየም። «ቁጭ» ከ«ብሎ»፣ «ሲግጥ» ከ«ይውላል» ጋር ናቸው። «አያጭድም» ከ«ባሻው ጊዜ» ጋር አብሮ ስለሚታይ አንባቢዋ ክልከላ መሆኑን ከመናገሯ በፊት ታውቃለች። ቁጥርን ከሚቆጠረው ነገር፣ ማዕረግን ከስም መለየትም እንደዚሁ ነው፤ አታድርጉት። መስመሮቹ እኩል ባይረዝሙ ግድ የለም። ግራውን ብቻ አስተካክሉት፤ መሀል ላይ ከተደረደረ ዓይን በየመስመሩ መነሻውን ይፈልጋል።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ። መጀመሪያ መጠን፣ ከዚያ መስበር። እኛን አንድ ጊዜ የጠለፈን ይኼ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መስመር ስንሰብር አድረን፣ ጠዋት ቀረጻ ሊጀመር ሲል እንግዳው «ትንሽ አጉሉልኝ» አሉ። አጎላነው። የየመስመሩ የመጨረሻ ቃል ወደ ታች ወረደ፤ ጽሑፉ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ መሰለ። አንድ ቃል ብቻ የያዙ መስመሮች ተደጋግመው ካያችሁ የሆነው ይኼ ነው። መላው ፊደሉን ወደ ድሮው መመለስና እንግዳውን ትንሽ ማቅረብ ነው።

«ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ እያለ ሌላ የዕረፍት ምልክት ለምን?»

ሥርዓተ ነጥብ የሰዋስው ነው፤ ትንፋሽ የራሱ ቦታ አለው። «ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር» ሲባል ሦስት ነጠላ ሰረዝ አለ፤ ማንም ግን ሦስት ጊዜ አያርፍም። በሌላ በኩል «የሚኖረው ጭላዳ» ካለ በኋላ አጭር ዕረፍት ቢኖር ያምራል፤ ሰዋስው ግን እዚያ ምንም አያስቀምጥም። በዚያ ላይ ነጥቦቹ ትንንሽ ናቸው። የ፣ እና የ፤ ልዩነት በመስታወት ላይ ከ2 ሜትር አይለይም።

እኛ አንድ እዝባር ለአጭር ዕረፍት፣ ሁለት እዝባር ለረጅም እንጠቀማለን፦

የሚኖረው ጭላዳ /
ዋና ምግቡ ሳር ነው //

ምልክቱ የሚቀመጠው መስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሆነ አንባቢው ሲያየው ድምፁ አልፎታል። ርዕሰ ጉዳይ ሲቀየር ደግሞ አንድ ባዶ መስመር እንተዋለን። እሱ የሚጠቅመው ለአንባቢው ብቻ አይደለም። ጽሑፉን የሚያንቀሳቅሰው ልጅም ፍጥነቱን እዚያ ጋ ይቀንሳል። በየመስመሩ እዝባር መደርደር ግን ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ቦታ ካለ ማንም አያየውም።

አሁን የአማርኛ የራሱ ጣጣ ይመጣል። እኛ ቃል ስናሳጥር የምንጠቀመው ያንኑ እዝባር ነው። ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ት/ቤት፣ ሰ/ሸዋ፣ ደ/ብርሃን። አንድ አንባቢ «ደ» ብሎ አርፎ «ብርሃን» ሲል ሰምቻለሁ። ልጁ አላጠፋም፤ እረፍ ያልነው እኛ ነን። ስለዚህ ሁሉንም ዘርዝራችሁ ጻፉት፦ ወይዘሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ሰሜን ሸዋ።

ቁጥርም ይዘርዘር። «በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በጣርማበር አልፎ ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ» የሚለውን አንዱ «አሥራ ዘጠኝ ሃያ ስምንት» ይለዋል፤ ሌላው «ሺህ ዘጠኝ መቶ» ብሎ ይጀምርና መሀል ላይ ያመነታል። የትኛው እንዲባል እንደፈለጋችሁ በፊደል አስፍሩት። ቦታ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ጽሑፉ ቢረዝም ወረቀት አይባክንም።

«‹ፈገግ ይበሉ›፣ ‹ካርታውን ያሳዩ› ብዬ ቅንፍ ውስጥ ካስገባሁት አይነበብም።»

ይነበባል። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ስለ አንኮበር እንዲናገሩ ቀረጻ ላይ አስቀመጥናቸው። አባባ ኮስተር ብለው፣ ድምፃቸውን ሞላ አድርገው «ፈገግ ይበሉ» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። ካሜራው ጀርባ የነበርነው ሁሉ ነን ፈገግ ያልነው።

አባባ የሰነፉ እንዳይመስላችሁ። ቴሌፕሮምፕተር ላይ ዓይን ከአፍ በጥቂት ቃላት ይቀድማል፤ አፍም ዓይን ያመጣለትን ይናገራል። ቅንፉን አይቶ «ይኼ የእኔ ነው ወይስ ለመባል ነው?» ብሎ ለመለየት ጊዜ የለም። ልምድ ያለው ሰው እንኳ ባያነበው ይደናቀፍበታል፤ ግማሽ ሰከንድ ፊቱ ባዶ ይሆናል። ያቺ ባዶነት ቪዲዮው ላይ ትታያለች።

መመሪያ ሁሉ ሌላ ወረቀት ላይ ይውጣ። እኛ ስክሪፕቱን በሁለት ዓምድ እንጽፋለን። ግራው የሚታየው ነው፦ ካርታ፣ ሙዚቃ፣ እንቅስቃሴ። ቀኙ የሚነገረው ነው። ታብሌቱ ላይ የሚገባው ቀኙ ብቻ ነው። ሠንጠረዡን ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ ከለጠፋችሁ ግን የግራውም አብሮ ይገባል፤ ስለዚህ ከለጠፋችሁ በኋላ እንደገና እዩት። «ወደ ቀኝ ይዙሩ» የሚለውን ካሜራ የያዘው ሰው በእጁ ያሳያል፤ አለዚያ ከቀረጻ በፊት በቃል ይለመዳል።

አጭር ፈተና አለው። ስክሪፕቱን ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡትና ያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያንብብ። ተመልካች እንዲሰማው የማትፈልጉትን ቃል ካወጣ ያ ቃል ይሰረዝ። እኔ ጎረቤቴን ነው የማስነብበው፤ ክፍያው ቡና ነው።

«እንደ ወረቀቱ ነጭ ላይ ጥቁር ይሁን፤ የለመድነው እሱን ነው።»

መስታወቱ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው። ጥቁር መደብ ብርሃን ስለማይሰጥ ይጠፋል፤ ነጩ ፊደል ብቻ አየር ላይ ይቀራል። ነጭ መደብ ከሆነ ግን መስታወቱ በሙሉ ይበራል፣ መነጽር ያደረገ አንባቢ ካለም ሌንሱ ላይ ነጭ ሳጥን ይታያል።

«አማርኛ እንደተጻፈ ይነበባል፤ ሌላ ምን ምልክት ያስፈልገዋል?»

የሚጠብቀውና የሚላላው በፊደል አይለይም። ስለ በዓል ገበያ የተጻፈ ስክሪፕት «ገና» ብሎ በመስመር መጀመሪያ ጀመረ። በዓሉ ነው ወይስ «እስካሁን አልደረሰም» የሚለው? አንባቢዋ አላልታ አነበበችው፤ በዓሉ ጠፋ። «አለ» እና «ይበላል»ም እንዲሁ ያሳስታሉ። የማጥበቂያ ነጥብ ከላይ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ብዙ ሰው አልለመደውም፣ አንዳንድ ፎንትም በትክክል አያሳየውም። እኛ ቃሉን ነው የምንቀይረው። «ገና ሲደርስ የበግ ዋጋ ይወደዳል» የሚለው መስመር ታብሌቱ ላይ «የገና በዓል ሲደርስ» ተብሎ ገባ። ልጅቷም በመጀመሪያው አንብባው ወጣች።